እጅጌው ከፍ ሲል መምህሩ ምን ይበል?

አንድ ጥያቄ ላቅርብልዎት። በልጅዎ ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ ድንገት ራሱን ስቶ ቢወድቅ መምህሩ ምን ያደርጋል? ተማሪዎቹን ገለል ያደርጋል፣ መስኮት ይከፍታል፣ ነርስ ያስጠራል። ፍጹም ባይሆንም መነሻ የሚሆን ነገር ያውቃል። አሁን ጥያቄውን ትንሽ ልለውጠው። እዚያው ክፍል ውስጥ ደብተር ልታስረክብ እጇን የዘረጋች የ15 ዓመት ልጅ እጅጌዋ ከፍ ብሎ፣ ራሷ ያደረሰችው የሚመስል ቁስል ቢታይስ?

አንዱ መምህር ያላየ መስሎ ያልፋል። ሌላው ደንግጦ በክፍሉ ፊት «ይሄ ምንድን ነው?» ይላል። ሦስተኛው ወዲያው ለወላጅ ደውሎ «ልጅዎት ራሷን ልታጠፋ ነው» ይላል። አራተኛው ቁጭ አድርጎ ይመክራል፣ ይገሥጻል። አንዳቸውም ክፉ ሰዎች አይደሉም። በመምህርነት ሥልጠናቸው ሒሳብና እንግሊዝኛ እንዴት እንደሚያስተምሩ ተምረዋል፤ ይህንን ግን ማንም አላስተማራቸውም።

ይህንን የሚያስተምር ሥልጠና ግን አለ። የዛሬው ጽሑፌ ምን እንደሚያስተምር፣ የት ድረስ እንደሚሠራና የት ላይ እንደሚቆም ነው።

ከአውስትራሊያ የተነሣ ሐሳብ

«የአእምሮ ጤና የመጀመሪያ እርዳታ» የሚባለው ሥልጠና በ2000 (እ.ኤ.አ.) በአውስትራሊያ ካንቤራ ተጀመረ። የጀመሩት ቤቲ ኪችነርና አንቶኒ ጆርም የተባሉ ባልና ሚስት ናቸው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ተራው ሰው ደም ማቆምን፣ የተሰበረ እጅ ማሰርን ከተማረ፣ በጭንቀት ወይም በድባቴ የተያዘን ሰው ባለሙያ እስኪያገኝ ድረስ እንዴት መደገፍ እንዳለበት የማይማርበት ምክንያት የለም። የመጀመሪያ እርዳታ የሚሰጥ ሰው ሐኪም እንደማይሆን ሁሉ፣ ይህን የተማረ መምህርም ሳይኮሎጂስት አይሆንም። ድልድይ ነው የሚሆነው።

ከዚያ በኋላ ለታዳጊዎች የሚሆን የሥልጠና ዓይነት ተዘጋጀ። ራስን ስለመጉዳት የሚናገረው የመመሪያ ክፍል የተዘጋጀበት መንገድ ደስ ይላል። ለተራ ሰው የሚሆኑ ምክሮች ተሰብስበው ለሁለት ቡድኖች ቀረቡ፦ በአንድ ወገን ለባለሙያዎች፣ በሌላ ወገን በሕይወታቸው ራሳቸውን ጎድተው ለሚያውቁ ሰዎች። በመመሪያው የገባው ከፍተኛ ስምምነት፣ ማለትም 80 በመቶና ከዚያ በላይ ድጋፍ፣ ያገኘ ምክር ነው። ስለዚህ «እንዲህ በላት» የሚለው ምክር ከመጽሐፍ ብቻ የመጣ አይደለም፤ «እንዲህ ቢሉኝ ኖሮ ይጠቅመኝ ነበር» ካሉ ሰዎችም የመጣ ነው።

ለመምህራን ሲሰጥ ሥልጠናው በሁለት ቀን ይከፈላል። የመጀመሪያው ቀን ለሁሉም የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ነው። ትምህርት ቤቱ ያለውን የአሠራር ደንብ፣ በታዳጊዎች ላይ ጎልተው የሚታዩትን ድባቴና ጭንቀት፣ እንዲሁም ራስን መጉዳትንና ራስን የማጥፋት ሐሳብን ይሸፍናል። ሁለተኛው ቀን የተማሪዎችን ደኅንነት ለመከታተል ኃላፊነት ለተሰጣቸው ለጥቂቶቹ ነው፤ ከበድ ያሉ ሁኔታዎችን ያያሉ። ይህ አከፋፈል ትልቅ ትርጉም አለው። ልጅዎ ምስጢሯን የምትነግረው ለካውንስለሩ ላይሆን ይችላል፤ ለስፖርት መምህሯ ወይም ለላይብረሪ ሠራተኛዋ ሊሆን ይችላል።

ሥልጠናው መጀመሪያ የሚያፈርሰው ሁለት እምነት

አንደኛው «ትኩረት ፈልጋ ነው» የሚለው ነው። አብዛኞቹ ታዳጊዎች ቁስላቸውን ለማሳየት ሳይሆን ለመደበቅ ነው የሚለፉት። በሙቀት ሹራብ አያወልቁም፣ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሰበብ ፈጥረው ይቀራሉ፣ ስለ ቁስሉ ሲጠየቁ የማይገጥም ምክንያት ይሰጣሉ። ትኩረት የሚፈልግ ሰው እንዲህ አይደበቅም። ደግሞም አንድ ልጅ እርዳታ ለማግኘት ራሱን እስከመጉዳት ከደረሰ ትኩረት ያስፈልገዋል ማለት ነው፤ ስለዚህ አባባሉ እውነት ሆኖ ቢገኝ እንኳን መልሱ ችላ ማለት አይደለም።

ሁለተኛው «ራሷን ልታጠፋ ነው» የሚለው ነው። ብዙዎቹ ራሳቸውን የሚጎዱት ለመሞት አይደለም። ከአቅም በላይ የሆነ ስሜት፣ ኀፍረት፣ ንዴት ወይም ባዶነት ለጊዜው እንዲቀልላቸው ነው። በዓለም ዙሪያ የተደረጉ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ፣ ከመቶ ታዳጊዎች 17 ያህሉ ለመሞት ሳያስቡ ቢያንስ አንድ ጊዜ ራሳቸውን ጎድተው ያውቃሉ። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረውም ከ12 እስከ 14 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ነገር ግን ሁለቱ ነገሮች ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው ማለት አይቻልም፤ ራሱን የሚጎዳ ልጅ ከጊዜ በኋላ ራሱን ለማጥፋት የመሞከር አደጋው ከሌሎች ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ መምህሩ ሁለት ነገር አብሮ መያዝ አለበት፦ አለመደንገጥና አለማቃለል።

አንድ ምሳሌ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው

በሥልጠናው ውስጥ መምህራን የሚማሩት በማዳመጥ ብቻ አይደለም፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው ጭውውቱን ይለማመዳሉ። አንድ የፈጠራ ምሳሌ ወደ አዲስ አበባ አምጥቼ ላሳይዎት። ተማሪዋን ቤዛ እንበላት፣ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት። የክፍል ኃላፊ መምህርቷን ደግሞ ሰላማዊት እንበላት፤ ተማሪዎች «ሚስ» ይሏታል።

መምህርት ሰላማዊት ላለፉት ሁለት ሳምንታት አንድ ነገር ታዝባለች። ቤዛ በመጋቢት ሙቀት ሹራቧን አታወልቅም፣ ስፖርት ላይ ሁለት ጊዜ ቀርታለች፣ ከጓደኞቿ ተለይታ መቀመጥ ጀምራለች። ረቡዕ ጠዋት ደብተር ስትሰጥ እጅጌዋ ከፍ ሲል ክንዷ ላይ የሚድን ቁስል አየች።

የመጀመሪያው ውሳኔ እዚያው ክፍል ውስጥ ምንም አለማለት ነው። ደብተሩን እንደወትሮው ተቀበለች። ቁስሉ ትኩስ ቢሆንና የሚደማ ቢሆን ኖሮ ወዲያው በዘዴ ወደ ነርስ መውሰድ ይቀድም ነበር፤ የሚድን ስለሆነ ግን ጥቂት ሰዓት አለ። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ጠጋ ብላ «ቤዛ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ትንሿ ቢሮ ብቅ ትያለሽ? ምንም አላጠፋሽም፤ ላዋራሽ ነው» አለቻት። «ምንም አላጠፋሽም» የሚለው ቃል ትንሽ ይመስላል፤ ቢሮ የተጠራ ተማሪ ግን እስከ ምሳ ሰዓት የሚያስበው ሌላ ነገር የለም።

ቢሮ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። መምህርቷ የጀመረችው ባየችው ነገር ነው፤ በገመተችው አይደለም። «ሰሞኑን ዝም ብለሻል። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ክንድሽ ላይ ቁስል አየሁ። አስቤልሽ ነው የጠራሁሽ» አለቻት። «እጅሽን አሳዪኝ» አላለችም። ቁስልን አውጪ ብሎ ማስገደድ ልጅቷን እንደ ተያዘ ሌባ እንዲሰማት ያደርጋል።

ቤዛ «ድመት ናት» አለች። እዚህ ላይ ብዙ መምህር ይሸነፋል ወይም ይከራከራል። የሠለጠነ መምህር ሁለቱንም አያደርግም። «እሺ። አንዳንድ ጊዜ ሰው ስሜቱ ሲከብደው ሆን ብሎ ራሱን ይጎዳል። አንቺም እንደዚያ እያደረግሽ ይሆን ብዬ ነው የምጠይቅሽ» አለችና ዝም አለች። ሥልጠናው ላይ መምህራንን በጣም የሚከብዳቸው ይህ ዝምታ ነው። ማስተማር ሥራው የሆነ ሰው ዝምታን መሙላት ይፈልጋል።

ቤዛ አለቀሰች፤ ከዚያም «ለማንም አይንገሩብኝ፣ ሚስ» አለች። የመምህርቷ መልስ ይህ ነው፦ «ያን ቃል ልገባልሽ አልችልም፤ ምክንያቱም ደኅንነትሽ ይበልጥብኛል። ግን ለማን እንደምነግር አንቺ ሳታውቂ አልናገርም፤ እንዴት እንደምንነግራቸውም አብረን እንወስናለን።» ምስጢር እጠብቃለሁ ብሎ ቃል ገብቶ በማግሥቱ ማፍረስ፣ ልጅቷ ለሌላ ትልቅ ሰው ደግማ እንዳትናገር ያደርጋታል። ስለዚህ ቃሉ ከመጀመሪያው ልክ ልኩን መሆን አለበት።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ መምህራንን ሁሉ የሚያስፈራቸው ነው፦ «ቤዛ፣ ራስሽን ስለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?» ዙሪያ ጥምጥም ሳይሆን በቀጥታ። ብዙ ሰው ይህን መጠየቅ ሐሳቡን በልጁ ጭንቅላት ውስጥ መትከል ይመስለዋል። ጥናቶች ያሳዩት ግን መጠየቅ ሐሳቡን እንደማያመጣ ነው፤ እንዲያውም ልጁ ብቻውን የተሸከመውን እንዲያወርድ በር ይከፍታል። መልሱ «አዎ» ከሆነ መምህርቷ እንዴትና መቼ እንዳሰበች ትጠይቃለች፣ ልጅቷን ለደቂቃም ብቻዋን አትተዋትም፣ በዚያው ሰዓት ኃላፊውን፣ ወላጅንና ሐኪምን ታገናኛለች። ነገ የሚባል ነገር የለም።

ቤዛ ግን «መሞት አልፈልግም፤ ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ነገር እንዲቆም ነው» አለች። መምህርቷ «ተይው» ወይም «ሁለተኛ እንዳታደርጊው ማዪልኝ» አላለችም። ልጅቷ ስሜቷን የምትሸከምበት ሌላ መንገድ ገና አላገኘችም፤ የገባችውን ቃል ብታፈርስ ኀፍረት ይጨመርባትና የበለጠ ትደብቃለች። «ስለነገርሽኝ ጥሩ አደረግሽ። ይህን የሚያውቅ ባለሙያ አለ፤ አሁን አብረን ወደ ካውንስለሯ እንሂድ» አለቻት። አብረው ሄዱ። ነርሷ ቁስሉን አየችው። መምህርቷ የሰማችውንና ያየችውን፣ የራሷን ግምት ሳትጨምር፣ በአጭሩ ጽፋ ለካውንስለሯ ሰጠች። የመጀመሪያው እርዳታ እዚህ ላይ አለቀ።

ወደ ቤት የሚደረገው ስልክ

አሁን ወደ እርስዎ እንምጣ። ካውንስለሯ ቤዛን «ለእናትሽ እንዴት ብንነግራቸው ይሻላል?» ብላ ጠየቀቻት። ቤዛ አባቷ መጀመሪያ እንዲሰማ አልፈለገችም፤ እናቷ በአካል እንድትመጣ መረጠች። ለልጁ ምርጫ መስጠት ማለት ወላጅ አይነገረውም ማለት አይደለም፤ አነጋገሩ ላይ ድርሻ ይኑራት ማለት ነው። በቤት ውስጥ ያለ ሰው ራሱ የጉዳቱ ምንጭ እንደሆነ ልጁ ከተናገረ ግን መንገዱ ይለያል፤ በልጆች ጥበቃ በኩል ይሄዳል። ለዚህ ነው ከመደወል በፊት ልጁን መጠየቅ የሚያስፈልገው።

ስልኩ ሲደወል የሚባለው «ቤዛ ደኅና ናት፣ አጠገቤ ናት፤ ግን ዛሬውኑ መጥተው ብንነጋገር እወዳለሁ» ነው። ደኅንነቱ ይቀድማል፣ ዝርዝሩ በአካል ይነገራል። በታክሲ ውስጥ ሆና «ልጅሽ ራሷን አቁስላለች» የሚል ስልክ የሰማች እናት ቤት ስትደርስ የምትናገረው የፍርሃት ቃል ነው። ያ ቃል ደግሞ ጆሮ ላይ ይቀራል።

ሥልጠናው የሚበላሽባቸው ቦታዎች

ከሥልጠና በኋላም ነገሩ የሚበላሽባቸው ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው ስታፍ ሩም ነው። መምህርት ሰላማዊት በቅን ልብ ለሁለት ባልደረቦቿ «ቤዛን ጠንቀቅ በሏት» ብትላቸው፣ በሳምንት ውስጥ ክፍሉ ሁሉ ያውቀዋል። ማወቅ ያለበት ሥራው የሚጠይቀው ሰው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ሰልፍ ላይ የሚደረግ ንግግር ነው። ርእሰ መምህሩ ደንግጦ ተማሪዎችን ሰብስቦ «አንዳንዶቻችሁ እንዲህ እያደረጋችሁ ነው» ቢል፣ ያላሰበው ልጅ እንዲያስብ ያደርጋል። ራስን መጉዳት በጓደኛሞች መካከል የመዛመት ባሕርይ አለው። ስለዚህ ተማሪዎችን በጅምላ ማስተማር ሲያስፈልግ የሚነሣው ስሜትን ስለመቆጣጠርና እርዳታ ስለመጠየቅ ነው፤ ማን፣ በምን፣ እንዴት የሚለው አይነሣም።

ሦስተኛው ደግሞ የመልካም መምህር ወጥመድ ነው። መምህርቷ ብቸኛዋ አዳኝ ትሆናለች። ምልክቱ ስልኳ ላይ ይታያል፦ ተማሪዋ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ መልእክት ትልካለች፣ መምህርቷም ተኝታ ካልመለሰች ጥፋተኝነት ይሰማታል። ድልድይ የነበረችው ሰው ቤት ሆነች ማለት ነው። ሥልጠናው ይህን ቀድሞ ይነግራታል፦ በክፍል ውስጥ እንደወትሮው ሰላም ማለት፣ በሳምንቱ መጨረሻ «እንዴት ነሽ?» ብሎ መጠየቅ ድርሻዋ ነው፤ ሕክምናው ግን የሌላ ሰው ነው።

ታዲያ ይሠራል ወይ?

እኔ በሙያዬ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ። በእኛ ሥራ ማስታወቂያውን የሚያስታውስ ደንበኛና ዕቃውን የሚገዛ ደንበኛ የተለያዩ ናቸው። ሥልጠናንም የማየው በዚሁ ዓይን ነው፦ መምህሩ ካወቀ በኋላ ምን አደረገ?

በደቡብ አውስትራሊያ ይህ በጥንቃቄ ተለክቷል። በ2010 በታተመው ጥናት 14 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችና 327 መምህራን ተሳትፈዋል። በዕጣ ሰባቱ ትምህርት ቤቶች ወዲያው ሠለጠኑ፣ ሰባቱ እንዲጠብቁ ተደረገ። የሠለጠኑት መምህራን ዕውቀት ጨመረ፣ የተወሰኑ የማግለል አመለካከቶች ቀነሱ፣ ተማሪን ለመርዳት ያላቸው ድፍረት ከፍ አለ። ተማሪዎቹም ከመምህራኖቻቸው ስለ አእምሮ ጤና የበለጠ መረጃ እንዳገኙ ተናገሩ። ነገር ግን መምህራኑ ለየግል ተማሪ በሚሰጡት ድጋፍ ላይም ሆነ በተማሪዎቹ የአእምሮ ጤና ላይ ለውጥ አልታየም።

ሁለተኛው ማስረጃ በ10 የአውሮፓ ኅብረት አገሮች፣ በ168 ትምህርት ቤቶች ከ11 ሺህ በላይ ተማሪዎችን ያካተተና በ2015 የታተመ ጥናት ነው። መምህራን ምልክት እንዲለዩ የሚያሠለጥነው ዘዴ፣ ከዓመት በኋላ የራስን ማጥፋት ሙከራን በመቀነስ ምንም ካልተደረገላቸው ትምህርት ቤቶች የተለየ ውጤት አላመጣም። ተማሪዎቹ ራሳቸው በክፍል ውስጥ በውይይትና በትወና ስለ አእምሮ ጤና የተማሩበት ዘዴ ግን አዲስ ሙከራዎችን በግማሽ ያህል ቀነሰ።

ከዚህ የምንረዳው መምህርን ማሠልጠን ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ሰላማዊት ቢሮ ውስጥ ያለችውን ማንም ሳይማር ሊለው አይችልም። የምንረዳው ሥልጠናው ለብቻው በቂ አለመሆኑን ነው። ድልድዩ ማዶ ላይ የሚቀበል ሰው ከሌለ ድልድዩ የትም አያደርስም፤ ተማሪዎቹ ራሳቸው ካልተማሩም ወደ ድልድዩ የሚመጣ አይኖርም።

ለወላጆች ስብሰባ የሚሆኑ ጥያቄዎች

ስለዚህ ትምህርት ቤቱ «መምህራኖቻችን ሠልጥነዋል» ብሎ ሰርተፊኬት ሲያሳይዎት፣ የሚቀጥሉትን ይጠይቁ። አንድ መምህር ቁስል ቢያይ በዚያው ቀን የሚያሳውቀው ማንን ነው? ያ ሰው ሲቀር ተተኪው ማን ነው? ካውንስለሩ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ልጁን የት ይልካል? ሥልጠናው ላይ መምህራኑ ጭውውቱን አፋቸውን ከፍተው ተለማምደዋል ወይስ ስላይድ ብቻ አይተዋል? ለተማሪዎቹስ ምን እየተሰጠ ነው? መልሱ ስምና ስልክ ቁጥር ያለው ከሆነ አሠራር አለ። «እኛ እንደ ቤተሰብ ነን» ከሆነ ግን አሠራር የለም።

ወደየት ይላካል ለሚለው በአዲስ አበባ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና በአጠቃላይ ሆስፒታሎች ውስጥ ያሉ የሳይካትሪ ክፍሎች አሉ። ትምህርት ቤቱ ችግር ሳይመጣ በፊት ከአንዳቸው ጋር ተነጋግሮ፣ ማን ተቀብሎ እንደሚያስተናግድ ማወቅ አለበት።

ስልኩ ለእርስዎ የተደወለ ዕለት ደግሞ የመምህርቷ ሕግ ለእርስዎም ይሠራል። «ምን አጎደልንብሽ?» የሚለው ቃል ከአፍዎ ሊወጣ ሲል ይያዙት፤ ልጅቷ የምትሰማው ክስ ነው። ቁስሉን ለአክስትና ለጎረቤት አያሳዩ። በቤት ውስጥ መድኃኒቶችና ጉዳት ሊያደርሱ የሚችሉ ነገሮች በቀላሉ እጅ የማይደርሱበት ይቀመጡ። ቀጠሮ ሲያዝ አብረው ይሂዱ፣ ሐኪሙ ብቻዋን ሊያናግራት ሲፈልግም ከክፍሉ ይውጡ። ያን ዕለት ማታ ግን ብዙ መናገር አያስፈልግም። «ስለነገርሽን ጥሩ አደረግሽ፤ አብረን እናልፈዋለን» ይበሏትና ራት አብረው ይብሉ።